ኢንሹራንሱ ከከፈለ በኋላ ጥፋተኛው ዕዳውን ለማን ይከፍላል?

መኪናው ተገጭቶበት በሙሉ ሽፋን ኢንሹራንሱ አማካይነት አስጠግኖ የተረከበ ነጋዴ፣ አብዛኛውን ጊዜ ነገሩ በዚያው ያለቀ ይመስለዋል። ጋራዡ ሒሳቡን ከኢንሹራንስ ኩባንያው ተቀብሏል፤ መኪናውም ወደ ሥራው ተመልሷል፤ የገጨው ሰውም መንገዱን ቀጥሏል። በሕግ ዓይን ሲታይ ግን የተዘጋው በባለ መኪናውና በኩባንያው መካከል ያለው ሒሳብ ብቻ ነው። የአጥፊው ዕዳ በአደጋው ቀን እንደነበረ አለ። የተለወጠ ነገር ቢኖር፣ ያን ዕዳ የሚጠይቀው ሰው ማንነት ነው።

ክቡራን አንባቢዎቻችን ይህን ጉዳይ ማወቅ የሚያስፈልጋቸው ለሕግ ዕውቀት ብቻ ብለው አይደለም። በአደጋው ቦታ ላይ ቆሞ በችኮላ የሚፈረም አንዲት ቁራጭ ወረቀት፣ ለብዙ ዓመት አረቦን የተከፈለበትን የኢንሹራንስ ውል ዋጋ ልታሳጣ የምትችለው በዚሁ ሕግ ምክንያት ነው። ይህ እንዴት ሊሆን እንደሚችል ከዚህ በታች በተራ እንገልጻለን።

የመዳረግ መብት ምንድን ነው?

በተራ ንግግራችን ዳረጎት የምንለው አንድ ሰው ከእጁ ቆርሶ ለሌላው የሚሰጠውን ነገር ነው። በሕግ ቋንቋ ግን መዳረግ፣ ወይም የዳረጎት መብት ማለት፣ የሌላውን ዕዳ ወይም ጉዳት የከፈለ ሰው በተከፈለው ሰው ቦታ ተተክቶ የእርሱን መብት መያዙ ነው። በኢንሹራንስ ረገድ የኢትዮጵያ የንግድ ሕግ በቍጥር 683 ይህንኑ ደንግጓል። ይኸውም የተስማማበትን ካሣ የከፈለ ኢንሹራንስ ሰጪ፣ በከፈለው ገንዘብ መጠን፣ ጉዳቱን ያደረሰውን ሦስተኛ ወገን ለመጠየቅ በባለ መብቱ ቦታ ይተካል ማለት ነው።

ይህ የንግድ ሕግ በ1952 ዓ.ም. ታውጆ ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው ነው። በ2013 ዓ.ም. በአዋጅ ቍጥር 1243 የወጣው አዲሱ የንግድ ሕግ ስለ ነጋዴዎች፣ ስለ ማኅበሮችና ስለ ኪሣራ የሚናገሩትን ክፍሎች ሲተካ፣ ኢንሹራንስን የሚመለከተውን ክፍል ግን ሳይነካው አልፏል። ስለዚህም ቍጥር 683 ዛሬም ይሠራል።

የደንቡ ምክንያት ከሁለት ነገሮች የተውጣጣ ነው። አንደኛው፣ የዕቃ ኢንሹራንስ የካሣ ውል እንጂ የትርፍ ውል አለመሆኑ ነው። ባለ መኪናው የጥገናውን ዋጋ ከኩባንያው ተቀብሎ፣ ዳግመኛም ከአጥፊው ቢቀበል፣ ከአደጋው ያተርፋል፤ ይህንንም ሕጉ አይፈቅድም። ሁለተኛው፣ አጥፊው ራሱ በሌላው ሰው ጥንቃቄ ምክንያት ከዕዳ ነጻ መውጣት እንደሌለበት ነው። የተገጨው ሰው አስቀድሞ አረቦን መክፈሉ ለገጨው ሰው የተደረገ ስጦታ አይደለም። እንግዲህ ባለ መኪናው ሁለት ጊዜ እንዳይቀበል፣ አጥፊውም ምንም ሳይከፍል እንዳይቀር፣ ከፋዩ ኩባንያ በመካከል ገብቶ የባለ መኪናውን ጥያቄ ይወርሳል።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ ኩባንያው የሚይዘው አዲስ መብት ሳይሆን የባለ መኪናውን መብት መሆኑ ነው። ባለ መኪናው በአጥፊው ላይ ሙሉ መብት ካለው ኩባንያው ሙሉ መብት ይይዛል፤ ባለ መኪናው ግማሽ መብት ካለው ኩባንያውም ግማሽ ይይዛል፤ ባለ መኪናው ምንም መብት ከሌለው፣ ወይም መብቱን ራሱ ከጣለው፣ ኩባንያው የሚይዘው ነገር የለም። ከዚህ በታች የምንናገረው ሁሉ ከዚህ አንድ ነገር የሚመነጭ ነው።

ሒሳቡ በምሳሌ ሲታይ

አንድ በመርካቶ የጨርቃ ጨርቅ አስመጪ የሆነ ነጋዴ፣ ዕቃ ከመጋዘን ወደ ሱቅ የሚያመላልስበት አንድ አይሱዙ መኪና አለው እንበል። መኪናው ለሙሉ ሽፋን ኢንሹራንስ ተገብቶለታል። አንድ ቀን የትራፊክ መብራት ይዞት በቆመበት፣ ከኋላው የሚመጣ አንድ ከባድ መኪና ፍሬን ሳይዝ ይገጨዋል። አይሱዙውም ተገፍቶ ከፊቱ ካለው የብረት ምሰሶ ጋር ይጋጫል። የኋላው ካሶኒ ይጣመማል፤ ከፊት በኩል ፓራውልቱ ይሰበራል፤ ራዲያተሩም ይቀደዳል።

ጋራዡ ያቀረበውን የዋጋ ዝርዝር የኩባንያው ገምጋሚ መርምሮ ጥገናው 240,000 ብር እንዲሆን ይስማማል። በፖሊሲው መሠረት ከእያንዳንዱ ጉዳት ላይ ከመቶ አሥሩ በባለ መኪናው ላይ የሚቀር ተቀናሽ ነው። ስለዚህ ነጋዴው ለጋራዡ 24,000 ብር ከኪሱ ይከፍላል፤ ኩባንያው ደግሞ 216,000 ብር ይከፍላል። መኪናው በጋራዥ በቆየባቸው 12 ቀናት ነጋዴው ሌላ መኪና በቀን በ4,000 ብር ተከራይቶ ዕቃውን አመላልሷል። ይህም 48,000 ብር ነው። የኪራዩን ወጪ ፖሊሲው አይሸፍንም።

የነጋዴው ጠቅላላ ጉዳት እንግዲህ 288,000 ብር ሆኗል። ጥፋቱ ሙሉ በሙሉ የከባዱ መኪና ሾፌር መሆኑ ከተረጋገጠ፣ የመኪናው ባለቤት ሊከፍል የሚገባው ይህንኑ ገንዘብ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕግ ቍጥር 2081 መሠረት ባለ ሞተር ተሽከርካሪ ለሚያደርሰው ጉዳት ባለቤቱ ኃላፊ ስለሆነ፣ «የነዳው ሾፌሬ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም» ብሎ ማምለጥ አይችልም።

ታዲያ 288,000 ብሩን የሚጠይቀው ማን ነው? ኩባንያው የሚጠይቀው የከፈለውን 216,000 ብር ብቻ ነው፤ ሕጉ የሚለው «በከፈለው መጠን» ነውና። ቀሪው 72,000 ብር፣ ማለትም የተቀናሹ 24,000 ብርና የኪራዩ 48,000 ብር፣ እስካሁን ድረስ የነጋዴው የራሱ መብት ነው። ብዙ ሰዎች የሚሳሳቱት በዚህ ላይ ነው። አንዳንዱ ኩባንያው ሁሉንም ያስመልስልኛል ብሎ ዝም ይላል። ሌላው ደግሞ ኢንሹራንስ ስለከፈለኝ አጥፊውን የምጠይቀው ነገር የለም ብሎ ያስባል። ሁለቱም ትክክል አይደሉም። ነጋዴው ተቀናሹንና ኪራዩን ጭምር በአንድ ላይ እንዲጠይቅለት ኩባንያውን በጽሑፍ ሊለምን ይችላል፤ ኩባንያው ባይስማማ ደግሞ ራሱ ይጠይቃል። ለዚህም የኪራዩን ውልና የከፈለበትን ደረሰኝ መያዝ አለበት፤ ያለ ደረሰኝ የሚነገር ወጪን በፍርድ ቤት ማስረዳት ይከብዳል።

አጥፊው ወገን ብዙ ጊዜ የሚያነሣው መከራከሪያ «እርሱ እኮ በኢንሹራንስ ተከፍሎታል፤ ምን ጎደለው?» የሚል ነው። ይህ መከራከሪያ አይሠራም። ነጋዴው መከፈሉ የአጥፊውን ዕዳ አላወረደውም፤ የዕዳውን ጠያቂ ብቻ ለውጦታል። በሌላ በኩል ደግሞ አጥፊው ነገሩን ሳያውቅ 240,000 ብሩን በሙሉ ለነጋዴው ቢያስረክብ፣ ነጋዴው 216,000 ብሩን ለራሱ ማስቀረት አይገባውም፤ ለኩባንያው ያስረክባል።

ጥፋቱ የሁለት ወገን ሲሆን

ሁሉም አደጋ እንዲህ ግልጽ አይደለም። ሁለት መኪናዎች በመስቀለኛ መንገድ ላይ ተጋጭተው እያንዳንዱ ሾፌር ቅድሚያው የእኔ ነበር ሲል፣ ምስክርም ሳይገኝ የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነው። ለዚህ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቍጥር 2084 ግልጽ ደንብ አለው። ሁለት ባለ ሞተር ተሽከርካሪዎች ሲጋጩ፣ ሁለቱም ለአደጋው እኩል ምክንያት እንደሆኑ ይቈጠራል፤ ከአደጋው የደረሰውንም ጠቅላላ ጉዳት እያንዳንዱ ባለቤት ግማሽ ግማሹን ይሸከማል። ይህ ደንብ የሚቀረው፣ አደጋው በሙሉ ወይም በዋናነት የአንደኛው ሾፌር ጥፋት መሆኑ የተረጋገጠ እንደሆነ ነው።

የኪራዩን ወጪ ለጊዜው ትተን የመኪናዎቹን ጉዳት ብቻ እንመልከት። የነጋዴው መኪና ጉዳት 240,000 ብር፣ የሌላው መኪና ጉዳት 60,000 ብር ቢሆን፣ ጠቅላላው 300,000 ብር ነው፤ የእያንዳንዱ ድርሻም 150,000 ብር ይሆናል። ነጋዴው በመኪናው ላይ የደረሰው 240,000 ብር ስለሆነ፣ ከድርሻው በላይ የተሸከመው 90,000 ብር ነው። ሌላው ወገን ለእርሱ ሊከፍል የሚገባውም ይኸው 90,000 ብር ነው። ኩባንያው 216,000 ብር የከፈለ ቢሆንም እንኳ፣ ነጋዴው ራሱ ሊያገኝ ከሚችለው ከዚህ ከ90,000 ብር በላይ ሊጠይቅ አይችልም። ገንዘቡም በተገኘ ጊዜ በኩባንያውና በነጋዴው መካከል እያንዳንዱ በተሸከመው መጠን ቢከፋፈል፣ ለኩባንያው 81,000 ብር፣ ለነጋዴው ስለ ተቀናሹ 9,000 ብር ይደርሳል። የአከፋፈሉ ሥርዓት በፖሊሲው ውስጥ በሌላ ዐይነት ተጽፎ እንደሆነ ግን የሚጸናው ውሉ ስለሆነ፣ ከመፈረም በፊት ይህን አንቀጽ ማንበብ ይገባል።

ከዚህ የምንረዳው፣ የትራፊክ ፖሊስ የሚያነሣው የአደጋ ፕላንና የምስክሮች ቃል በ216,000 ብርና በ90,000 ብር መካከል ያለውን ልዩነት የሚወስኑ መሆናቸውን ነው። የመኪናዎቹ አቋቋም ሳይለካ፣ የጎማ ምልክት ሳይታይ፣ ፎቶግራፍም ሳይነሣ መኪናዎቹ ከመንገድ ከተነሡ፣ ጥፋቱን በኋላ ማስረዳት ይከብዳል፤ ማስረዳት ካልተቻለም ሕጉ እኩል ያካፍላል። ጉዳቱ ኩባንያውን ብቻ የሚነካ እንዳይመስል፤ ነጋዴውም ከተቀናሹና ከኪራዩ ከፊሉን ያጣል።

በመንገድ ላይ የሚፈረመው ወረቀት

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። ከኋላ የተገጨውን ነጋዴ እንደገና እናስብ። የከባዱ መኪና ባለቤት በአደጋው ቦታ ደርሶ «ፖሊስ ጋ ምን አስኬደን? የተሰበረው ፓራውልትና መብራት ነው፤ ይኸው 30,000 ብር፤ በዚሁ እንጨርስ» ይለዋል። ሰዎችም መካከል ገብተው ያስታርቋቸዋል። ነጋዴውም ትሕትና በተሞላበት መንፈስ ገንዘቡን ተቀብሎ «በደረሰብኝ ጉዳት ሁሉ ተክሻለሁ፤ ከዛሬ ጀምሮ ምንም ዐይነት ጥያቄ የለኝም» በሚል ወረቀት ላይ ይፈርማል።

በማግሥቱ ጋራዡ መኪናውን ሲከፍተው ሻሲው የተጣመመና ራዲያተሩ የተቀደደ ሆኖ ይገኛል፤ የዋጋው ዝርዝርም 240,000 ብር ይሆናል። ነጋዴው ወደ ኢንሹራንሱ ይሄዳል። ኩባንያው ግን የመጀመሪያው ጥያቄው «ከሌላው ወገን ጋር የተስማማችሁት ነገር አለ ወይ?» የሚል ነው። ወረቀቱ ሲወጣ ነገሩ ይለወጣል። የነጋዴው መብት በአጥፊው ላይ በፊርማው ተሰርዟል፤ ኩባንያውም የሚተካበት ቦታ አልቀረለትም። በዚህ ጊዜ የቍጥር 683 ሁለተኛው ንዑስ ቍጥር ይመጣል። ይኸውም፣ ባለ መብቱ በራሱ አድራጎት ኩባንያው እንዳይተካ ካደረገ፣ ኩባንያው ከኃላፊነቱ በሙሉ ወይም በከፊል ነጻ ሊሆን ይችላል ይላል።

በሙሉ ወይስ በከፊል የሚለው የሚታየው ኩባንያው ካጣው ነገር አንጻር ነው። ጥፋቱ በሙሉ የሌላው ወገን ከነበረ፣ ኩባንያው 216,000 ብሩን በሙሉ ማስመለስ ይችል ነበርና ክፍያውን በሙሉ እስከ መከልከል ሊደርስ ይችላል። ጥፋቱ እኩል ከነበረ ያጣው የዚያኑ ያህል ያነሰ ስለሆነ፣ ክርክሩ በከፊል ስለ መቀነስ ይሆናል። በመጀመሪያው ሁኔታ ነጋዴው በ30,000 ብር እስከ 216,000 ብር የሚደርስ መብት ሸጠ ማለት ነው።

ከነጋዴው ይልቅ ሾፌሩ የፈረመ እንደሆነ ነገሩ ትንሽ ይለያል። ሾፌር መኪና ሊነዳ የተቀጠረ ሰው ነው እንጂ በጌታው ስም ሊታረቅ ሥልጣን የለውም፤ ለመታረቅ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። ይሁንና ያ ወረቀት ሥልጣን በሌለው ሰው የተፈረመ መሆኑን ማስረዳት ራሱ ክርክር ነው፤ ክርክርም ጊዜና ገንዘብ ይፈጃል። ስለዚህ ብዙ መኪና ያላቸው ነጋዴዎች ለሾፌሮቻቸው አንድ አጭር ትእዛዝ በጽሑፍ ቢሰጧቸው ይበጃል። በአደጋ ጊዜ ለባለቤቱና ለፖሊስ ይደውሉ፤ ገንዘብ አይቀበሉ፤ ፖሊስ ከሚያስፈርማቸው ቃል በቀር ምንም ወረቀት አይፈርሙ።

ይህ ማለት ግን ከገጨን ሰው ጋር መታረቅ የተከለከለ ነው ማለት አይደለም። ቂም እንዳይኖር በሽማግሌ ፊት ይቅር መባባል ይቻላል። በወረቀቱ ላይ ግን «የእኔም ሆነ የኢንሹራንስ ኩባንያዬ ካሣ የመጠየቅ መብት እንደተጠበቀ ሆኖ» የሚል ቃል መግባት አለበት። ጉዳቱ በእርግጥ ትንሽ ሆኖ ከተቀናሹ በታች ከሆነና ባለ መኪናው ወደ ኢንሹራንሱ ላለመሄድ ከቆረጠም፣ በስምምነት ሊጨርሰው ይችላል። ነገር ግን አስቀድሞ መኪናውን ለጋራዥ ያሳይ፤ በዐይን የታየ ጉዳት ብዙ ጊዜ ከተደበቀው ያነሰ ነውና።

ከአደጋው በፊት የሚፈረሙ ውሎችም እንዲሁ ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። አስመጪዎች ከመጋዘን፣ ከመኪና ማቆሚያ ወይም ከጭነት አውራጅ ጋር በሚዋዋሉበት ጊዜ «በመኪናው ላይ ለሚደርስ ማናቸውም ጉዳት አልጠየቅም» የሚል አንቀጽ ሊያጋጥማቸው ይችላል። የመጋዘኑ ፎርክሊፍት የመኪናውን ጎን ቢወጋው፣ በዚህ አንቀጽ ምክንያት ባለ መኪናው መጋዘኑን መጠየቅ አይችልም፤ ኩባንያውም እንዲሁ። እንዲህ ያለ ውል ከመፈረሙ በፊት ለኢንሹራንስ ኩባንያው አሳይቶ ስምምነቱን በጽሑፍ ማግኘት ይገባል።

ኩባንያው የማይከሳቸው ሰዎች

ጉዳቱን ያደረሰው የባለ መኪናው የራሱ ሰው ቢሆንስ? የነጋዴው ሾፌር በቸልተኝነት መኪናውን ከግንብ ጋር ቢያጋጨው፣ ኩባንያው በፖሊሲው መሠረት ያሠራለታል። ነገር ግን ተመልሶ ሾፌሩን ሊከሰው አይችልም። የቍጥር 683 ሦስተኛው ንዑስ ቍጥር፣ የባለ መብቱን ወላጆችና ተወላጆች፣ ወኪሎቹንና ሠራተኞቹን፣ ከእርሱም ጋር የሚኖሩትን ሰዎች፣ ሆነ ብለው በክፋት ያደረጉት ካልሆነ በቀር፣ ኩባንያው እንዳይጠይቃቸው ይከለክላል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ኩባንያው የነጋዴውን ልጅ ወይም ሾፌር ቢከስ፣ በአንድ እጁ የሰጠውን በሌላው እጁ ከዚያው ቤት መልሶ መውሰዱ ይሆናል።

ይህ ክልከላ በሁሉም አገር ሕግ ውስጥ የተጻፈ አይደለም። በእንግሊዝ አገር በ1957 እ.ኤ.አ. በሮምፎርድ የበረዶና የማቀዝቀዣ ኩባንያ ጉዳይ የጌቶች ምክር ቤት የሰጠው ፍርድ ይታወቃል። የኩባንያው ሾፌር ከባድ መኪና ወደ ኋላ ሲነዳ፣ አብሮት የሚሠራውን የገዛ አባቱን ገጨው። ኢንሹራንሱ ለአባትየው ካሣ ከከፈለ በኋላ፣ በአሠሪው ስም ሾፌሩን ከሰሰው፤ ዳኞቹም በአንድ ድምፅ ብልጫ ሾፌሩ እንዲከፍል ፈረዱ። ፍርዱ ብዙ ቅሬታ ስላስነሣ፣ በዚያ አገር የሚገኙት ኢንሹራንሶች ከዚያ ወዲህ ሠራተኞችን ያለ ክፋት እንዳይከስሱ እርስ በርሳቸው ተስማሙ። የኢትዮጵያ የንግድ ሕግ ግን ይህንኑ በ1952 ዓ.ም. በራሱ ቃል ደንግጎ ስለነበር፣ የሾፌሮቻችን ጥበቃ በኩባንያዎች በጎ ፈቃድ ላይ የተመሠረተ አይደለም።

ብዙ መኪና ላላቸው ነጋዴዎች ደግሞ አንድ ሌላ ነገር አለ። የአንድ ሰው ሁለት መኪናዎች እርስ በርሳቸው ቢጋጩ፣ ኩባንያው የሚከሰው ሰው የለም። ሰው ራሱን ሊከስ ስለማይችል፣ ኩባንያው የሚወርሰው ክስ የለም። በእንግሊዝ አገር በ1877 እ.ኤ.አ. የአንድ ባለቤት ሁለት መርከቦች ተጋጭተው ጉዳዩ የጌቶች ምክር ቤት በደረሰ ጊዜ ዳኞቹ የወሰኑት ይህንኑ ነው።

ገንዘቡ የሚጠየቅበት መንገድ

ኩባንያው የጥገናውን ገንዘብ ሲከፍል፣ ባለ መኪናው የመዳረግ ቅጽ እንዲፈርም ይጠይቀዋል። ይህ ቅጽ ባለ መኪናው የተከፈለውን መጠን ያረጋግጣል፤ ለክሱም እንደሚተባበር ያስገነዝባል። ፈራሚው ሊያጣራው የሚገባው፣ በቅጹ ላይ የተጻፈው ገንዘብ ኩባንያው በእርግጥ የከፈለው እንደሆነና፣ ተቀናሹንና ሌላ ያልተሸፈነ ጉዳቱን ጭምር አሳልፎ የሚሰጥ ቃል እንዳይኖርበት ነው።

ከዚያ በኋላ ኩባንያው ለአጥፊው መኪና ባለቤት የመጠየቂያ ደብዳቤ ይጽፋል። ከደብዳቤው ጋር የፖሊስ ሪፖርቱና የአደጋ ፕላኑ፣ የጋራዡ ደረሰኝ፣ የተበላሹት ዕቃዎች ፎቶግራፍና የክፍያው ማስረጃ ይያያዛሉ። ማንኛውም ተሽከርካሪ በሕግ የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ ሊኖረው ስለሚገባ፣ ጥያቄው ብዙውን ጊዜ ለዚያው መኪና ኢንሹራንስ ይደርሳል። ለንብረት ጉዳት በሕግ የተወሰነ ጣሪያ ስላለ፣ ከጣሪያው በላይ ያለውን የመኪናው ባለቤት ከራሱ ይከፍላል። ሁለቱ ኩባንያዎች ካልተስማሙ ነገሩ ወደ ፍርድ ቤት ይሄዳል።

በዚህ ሁሉ ውስጥ ጊዜ መርሳት የለበትም። በፍትሐ ብሔር ሕግ ቍጥር 2143 መሠረት የጉዳት ካሣ ክስ ጉዳቱ ከደረሰበት ጊዜ ጀምሮ በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት፤ ድርጊቱ በወንጀል ሕግ ረዘም ያለ የይርጋ ጊዜ ያለው ወንጀል ከሆነ ግን ያ ረዘም ያለው ጊዜ ይሠራል። ኩባንያው የሚወርሰው የባለ መኪናውን ክስ ስለሆነ፣ ሁለቱን ዓመት ክፍያው ከተፈጸመበት ቀን ሳይሆን ከአደጋው ቀን መቍጠር ጥንቃቄ ነው። ጥገናው ስድስት ወር፣ የዋጋ ክርክሩ ሌላ ስድስት ወር ከፈጀ፣ ከሁለቱ ዓመት ግማሹ አልቋል። ነጋዴው 72,000 ብሩን ለማግኘት ቢፈልግ እርሱም በዚሁ ጊዜ የተያዘ ነው፤ የኩባንያው ክስ መጀመሩ የእርሱን ጊዜ አያቆምለትም።

የባለ መኪናው ጥቅም ከዚህ ሌላም ነው። ያለ አደጋ ለቆየ ደንበኛ በአረቦን ላይ የሚደረገው ቅናሽ፣ ኩባንያው ስለ ጥገናው በከፈለ ጊዜ ሊቀርበት ይችላል። ኩባንያው የከፈለውን በሙሉ ከአጥፊው ካስመለሰ ግን፣ ባለ መኪናው ይህን ጠቅሶ ቅናሹ እንዲመለስለት በውል እድሳት ጊዜ በጽሑፍ ለመጠየቅ በቂ ምክንያት አለው። ስለዚህ የኩባንያው ክስ ምን ላይ እንደደረሰ መጠየቅ የኩባንያው ሥራ ነው ተብሎ የሚተው አይደለም።

ለማጠቃለል፣ አደጋ የደረሰበት ነጋዴ ከሁሉ አስቀድሞ ማሰብ ያለበት ይህን ነው። በእጁ ያለው በአጥፊው ላይ ያለው መብት፣ ኢንሹራንሱ ሲከፍለው በልዋጩ የሚያስረክበው ነገር ነው። ያን መብት ሳይጎዳ ካቆየው፣ ጥገናውን ከኩባንያው፣ ተቀናሹንና ኪራዩን ደግሞ ከአጥፊው ያገኛል። በ30,000 ብር አሳልፎ ከሰጠው ግን፣ ጋራዡ ደጃፍ ላይ መኪናውን ይዞ የሚቀረው እርሱ ራሱ ነው።